አምስት ሽምብራ ለ«ትምህርት»

አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «መስኮት» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ጽፋ እንድትመጣ ታዘዘች። ደብተሯን ልብ ብሎ ላየው ግን ቃሉን አንድ ጊዜም አልጻፈችውም። መጀመሪያ «መ»ን ከላይ እስከ ታች ደረደረች፣ ቀጥላ «ስ»ን፣ ከዚያ «ኮ»ን፣ በመጨረሻ «ት»ን። ገጹ ሞላ። በማግስቱ መምህሯ ቃሉን ስታነብላት «መኮት» ብላ ጻፈች።

በብልጠቷ አትወቀስም፤ ሥራው ራሱ እንዲህ የሚያስደርግ ነው። እያዩ ሲገለብጡ እጅ ይደክማል እንጂ ቃሉ ከአእምሮ አይወጣም። ቃሉን አይቶ፣ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ በእጅ ሸፍኖ ጽፎ፣ ከዚያ ገልጦ ማመሳከር ግን አንድ ጊዜም ቢሆን ከአሥሩ ግልባጭ ይበልጣል።

የጠፋችው «ስ» ሳድስ መሆኗም በአጋጣሚ አይደለም። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ አናባቢ ሳይከተለው ከጎረቤቱ ተለጥፎ ስለሚነገር የልጅ ጆሮ ያልፈዋል። «ትምህርት» ደግሞ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። በፈጣን ንግግር «ህ» ስለምትዋጥ «ትምርት» ተብሎ ቢጻፍ አያስገርምም።

እዚህ ላይ ከጓዳ የተዘገነ ሽምብራ ይጠቅማል። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዳኒል ኤልኮኒን ልጆች ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ምልክት እንዲያስቀምጡ ያደርግ ነበር። በአማርኛ ለእያንዳንዱ ፊደል ቢሆን ይቀላል። እናት ቃሉን ቀስ ብላ ትላለች፤ ልጅ ሽምብራ ይደረድራል። አራት ከሆነ፣ «አንዷ ተደብቃለች፣ የኔ ልጅ፣ የት ትሆን?» ይባላል። ፈልጎ ሲያገኛት ይጽፋል።

ለአንድ ማታ አምስት ቃል፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የተሳተው ቃል በማግስቱ ይመለሳል፣ ካልተሳተ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ። ሦስቱንም ያለፈ ቃል ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ልጁ ራሱ ይሰርዘው፣ ደስታው ቀላል አይደለም። ከአምስቱ ሦስቱ ከተሳቱ ቃላቱ ከብደዋልና በሚቀጥለው ቀን ሁለቱን በቀላል መተካት ነው።

እርማት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ወምበር» ብሎ የጻፈ ልጅ የሰማውን ነው የጻፈው፤ «ን» ከ«በ» ፊት ስትሆን ወደ «ም» ትጠጋለችና። ሙሉ ቃሉን በቀይ ከመሰረዝ ሌሎቹን ፊደላት አመስግኖ በዚያች አንዲት ላይ መቆም ይሻላል። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን መለየት ደግሞ በጆሮ የሚገኝ ስላልሆነ ሽምብራው አያግዝም፤ ይህ ቃሉን በመጽሐፍ ደጋግሞ በማየት የሚመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በእሱ መጨቃጨቅ ትርፍ ድካም ነው።

ዓርብ ማታ ሚናው ይገለበጣል። ልጁ ቃል ይጠራል፣ እናት ትጽፋለች፣ ሆን ብላም ከአምስቱ ሁለቱን ታሳስታለች። ልጁ እርሳሱን ይዞ ስሕተቷን ሲፈልግ እራት ቀርቧል ቢባል እንኳ አይሰማም።