ቢም ያለው ወለል ወይስ ጠፍጣፋ ሶሌታ?

አዲስ አበባ ውስጥ ጂ+4 አፓርታማ ሊሠራ የተነሳ ሰው እንውሰድ። ኮለኖቹ በሁለቱም አቅጣጫ በ5.5 ሜትር ርቀት ይቆማሉ። መሃንዲሱ ሁለት አማራጭ ያቀርብለታል። አንዱ የለመድነው ነው፤ ከኮለን ኮለን ቢም ተዘርግቶ በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ሶሌታ ይሞላል። ሌላው ፍላት ስላብ የሚባለው ነው፤ ቢም የለውም፣ ወፈር ያለ ሶሌታ በቀጥታ ኮለኖቹ ላይ ያርፋል። ለዚህ ርቀት ውፍረቱ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ብዙ ባለቤቶች ጠፍጣፋውን የሚመርጡት ወጪ ይቀንሳል ብለው ነው። በአራት ኮለኖች መካከል ያለውን አንድ ክፍል እናስላ። ጠፍጣፋው 6.7 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል። ባለ ቢሙ፣ ቢሞቹ 25 በ45 ቢሆኑ፣ 5.4 ሜትር ኩብ ይበቃዋል። ጠፍጣፋው በአርማታ ሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። የሚያተርፈው በፎርምወርክ ነው። ለዚያው ክፍል የቢሙ ጎንና ጎን ብቻ 6.6 ካሬ ሜትር ተጨማሪ ጣውላ ይጠይቃል፤ አናጺም እያንዳንዱን ሣጥን ለክቶ መግጠም አለበት። በተከራየ ፓነል ለሚሠራ ሥራ ተቋራጭ ይህ የቀናት ልዩነት ያመጣል። በባሕር ዛፍና በጣውላ ለሚሠራ ግን ቁጠባው በወፈረው አርማታ ይበላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ሶሌታው ከኮለኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቢም ሲኖር ጭነቱ በቢሙ በኩል ወደ ኮለኑ ይደርሳል። ቢም ሲጠፋ ግን ሙሉው ጭነት በኮለኑ ዙሪያ ባለችው ጠባብ ክፍል ማለፍ አለበት፤ እዚያ ካልቻለ ኮለኑ ሶሌታውን በስቶ ይወጣል። መሃንዲሶች ፓንቺንግ ይሉታል። በምሳሌያችን የሶሌታው ክብደት፣ ሊሾው፣ የብሎኬት ግድግዳው፣ ሰውና ዕቃው ከደህንነት ማባዣው ጋር ሲሰላ በአንድ የመሃል ኮለን ላይ 50 ቶን ገደማ ያርፋል። 35 በ35 በሆነ ኮለን ዙሪያ ሲ-25 አርማታ፣ ከላይ ካለው የተለመደ ፌሮ ጋር፣ የሚችለው ወደ 43 ቶን ነው። ኮለኑን 50 በ50 ብናደርገው እንኳ ገና ጫፍ ላይ ነን። ስለዚህ በኮለኑ ዙሪያ ተጨማሪ ስታፋ ማሠር ወይም ሶሌታውን እዚያ ቦታ ማወፈር ግድ ነው።

ይህ ስሌት ወረቀት ላይ የተጣራ ቢሆንም ሳይት ላይ በቀላሉ ይበላሻል። አርማታ ሲሞላ ሠራተኞች የላይኛውን ፌሮ ረግጠው 3 ሳንቲ ሜትር ቢያወርዱት፣ በኮለኑ ዙሪያ ያለው አቅም ሩብ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው የቧንቧ ሠራተኛው ነው። መታጠቢያ ቤቱ ከኮለኑ ጎን ከሆነ ሶሌታውን እዚያው ይበሳል። በ22 ሳንቲ ሜትር ሶሌታ ከኮለኑ ፊት እስከ 1.1 ሜትር ድረስ የሚከፈት ቀዳዳ ሁሉ ከስሌቱ መቀነስ አለበት። ባለ ቢም ወለል ላይ እንዲህ ያለው ቀዳዳ፣ ቢሙ እስካልተነካ ድረስ፣ በአብዛኛው ያን ያህል አያሰጋም።

ፓንቺንግ አስጊ የሚያደርገው ብዙም ሳያስጠነቅቅ መምጣቱ ነው፤ ተበስቶ የወረደው ሶሌታም ጭነቱን ለጎረቤት ኮለን ያወርሳል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሴኡል ውስጥ የፈረሰው ሳምፑንግ የገበያ ሕንጻ ቢም የሌለው ነበር። ኮለኖቹ ከመጀመሪያው ዲዛይን ቀጥነው ነበር፤ በላዩም አምስተኛ ፎቅ ተጨምሮበታል። በዚያው ዕለት ጠዋት በላይኛው ፎቅ ኮለኖች አካባቢ ስንጥቅ ታይቶ ነበር፤ ሕንጻው ግን ክፍት ሆኖ ዋለ። 502 ሰው ሞተ።

ለእኛ ሌላም ምክንያት አለ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሱ የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ሕንጻ ወደ ጎን ሲወዛወዝ ቢምና ኮለን ተያይዘው ይቋቋማሉ። ጠፍጣፋ ሶሌታና ኮለን ብቻ ግን ለዚህ ደካማ ናቸው፤ የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ የተቀዳበት የአውሮፓ ኮድም እንዲህ ያለውን አሠራር ዋና የመንቀጥቀጥ መቋቋሚያ አድርጎ ለመጠቀም የተሟላ ደንብ አይሰጥም። መፍትሔው ሊፍቱንና ደረጃውን የሚከብብ የአርማታ ግድግዳ ነው። ጂ+4 ብዙ ጊዜ ሊፍት ስለማይኖረው ይህ ግድግዳ ራሱን የቻለ አዲስ ወጪ ይሆናል።

ጠፍጣፋው የሚያሸንፍበት ጊዜ አለ። ግድግዳዎች ወደፊት የሚዘዋወሩ ከሆነ፣ ኮለኖቹ በመስመር መሰለፍ ካልቻሉ፣ ወይም የከፍታ ገደብ ኖሮ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር የምትፈለግ ከሆነ፣ ጥሩ ምርጫ ነው። መኖሪያ አፓርታማ ግን ግድግዳው ቋሚ ነው፤ ቢሙም ከ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በላይ ሲሄድ ብዙም አይታይም። ከ4 እስከ 6 ሜትር ለሚደርስ ርቀት፣ ተራ የሥራ ተቋራጭ ለሚሠራው ትንሽ ሕንጻ፣ እኔ ባለ ቢሙን እመርጣለሁ።

ጠፍጣፋውን ከመረጡ ግን የእያንዳንዱን ኮለን የፓንቺንግ ስሌት ከመሃንዲስዎ በወረቀት ይቀበሉ። የቧንቧ መተላለፊያዎቹም አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፕላኑ ላይ ይወሰኑ።