ሰኔ 30 ሳይደርስ መቁጠር

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በየመጋዘኑ በር ላይ «ለቆጠራ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ሽያጭ ይቆማል፤ ስቶር ኪፐሩ፣ ጫኝ አውራጁ፣ አንዳንዴም ገንዘብ ያዧ ሳትቀር መደርደሪያ ለመደርደሪያ ሲቆጥሩ ይውላሉ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የተቆጠረውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክራ የጎደለውንና የተረፈውን ታወጣለች። እስከዚህ ድረስ ሥራው ይሳካል። የሚያስቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ የጎደለው ለምን ጎደለ? ዕቃው በጥቅምት በስህተት ወጥቶ ከሆነ በሰኔ የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም። ስለዚህ ልዩነቱ «በቆጠራ የተገኘ ጉድለት» ተብሎ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ካልሆነም ስቶር ኪፐሩ ክፈል ይባላል። ስህተቱን የፈጠረው አሠራር ግን እንደነበረ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል።

ይህን ለማስቀረት የሚያገለግለው የዙር ቆጠራ ነው። መጋዘኑ አይዘጋም፤ በየቀኑ ጥቂት የዕቃ ዓይነቶች ብቻ ተመርጠው ይቆጠራሉ፣ ዓመቱ ሳያልቅም ሁሉም ተራቸው ይደርሳል። ሁለቱ ቆጠራዎች አንዱ በሌላው የሚተካ ይመስላል። እንደ እኔ እምነት ግን የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው፤ ቅጻቸውም አንድ ዓይነት መሆን የለበትም።

የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ አነስተኛ መጋዘን እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የፒፒአር ቱቦና መገጣጠሚያ፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ ሚስማር፤ በድምሩ 300 ያህል የዕቃ ዓይነት አለው እንበል። ሁሉንም እኩል መቁጠር ጉልበት ማባከን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱ ዕቃ የአንድ ነጠላ ዋጋ በዓመት በወጣው ብዛት ተባዝቶ ዝርዝሩ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራል። ነጠላ ዋጋውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ውድ ሆኖ በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚወጣ ዕቃ አለ፣ ርካሽ ሆኖ በየቀኑ በካርቶን የሚወጣም አለ። ከላይ ያሉት 30 ዓይነቶች ምድብ ሀ ይባሉ፤ አብዛኛው ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በእነሱ ነው፤ በየወሩ ይቆጠሩ። ቀጣዮቹ 70 ምድብ ለ ሆነው በየሦስት ወሩ፣ የቀሩት 200 ምድብ ሐ ሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆጠሩ። ሒሳቡ 360 ሲደመር 280 ሲደመር 400፣ በድምሩ 1,040 ቆጠራ ይሆናል። ለ280 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን አራት ዕቃ መቁጠር ይበቃል ማለት ነው። ጠዋት ዕቃ መውጣት ሳይጀምር የሚያልቅ ሥራ ነው።

ቆጠራው እንዴት እንደሚጠቅም አንድ ዕቃ ይዘን እንየው። አንድ ጠዋት የባለ 2.5 ሽቦ ተራ ደረሰ። ቢን ካርዱ ላይ ያለው ከወጪ ቀሪ 47 ጥቅል ነው፤ አንዱ ጥቅል 100 ሜትር ነው። ቆጣሪው ያገኘው 44 ሙሉ ጥቅልና 35 ሜትር የቀረበት አንድ የተፈታ ጥቅል ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ቢቆጥረው ያው ሆነ። ጉድለቱ በሜትር 265 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ካርዱን ወዲያውኑ በተቆጠረው ቁጥር ማስተካከል ነው። አስቀድሞ ደረሰኞቹ መታየት አለባቸው። ካርዱ ላይ መጨረሻ የተመዘገበው የወጪ ደረሰኝ ቁጥር 0411 ነው፤ ጥራዙ ውስጥ ግን ትናንት ማምሻውን የተቆረጠ 0412 አለ፣ ሁለት ጥቅል ወጥቶበታል፣ ካርዱ ላይ አልሰፈረም። ይህ 200 ሜትሩን ያስረዳል። የቀረው 65 ሜትር ከተፈታው ጥቅል እየተቆረጠ ተሽጧል። ሽያጩ በሜትር ተጽፏል፤ የካርዱ መለኪያ ጥቅል ስለሆነ ግን ስቶር ኪፐሩ ጥቅሉ ሲያልቅ አንድ ላይ እመዘግበዋለሁ ብሎ ትቶታል። ሁለቱ ሲደመሩ 265 ሜትር ሆኑ። የጠፋ ዕቃ የለም። ደረሰኞቹ ሳይታዩ 265 ሜትር ከካርዱ ተቀንሶ ቢሆን ኖሮ፣ 0412 በማግሥቱ ሲመዘገብ ያው ሁለት ጥቅል ሁለተኛ ይቀነስ ነበር፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ትርፍ ይገኛል።

ከዚህ ጠዋት ሁለት ነገር ይሻሻላል። የሽቦ ካርድ መለኪያ ከጥቅል ወደ ሜትር ይለወጣል፤ ማንኛውም ወጪ ዕቃው ከበሩ ሳይወጣ ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ያው ጉድለት ሰኔ ላይ ተገኝቶ ቢሆን ሰዎች የሚጨቃጨቁት ስለ ስቶር ኪፐሩ ታማኝነት ነበር።

የሚመሳሰሉ ዕቃዎችን በአንድ ቀን መቁጠርም ብዙ ያስገኛል። የ20 ሚሊ ሜትር የፒፒአር ክርን 30 ፍሬ ተርፎ የ25ቱ 30 ፍሬ ከጎደለ ሌባ መፈለግ አያስፈልግም፤ ደረሰኙ ላይ 20 ተብሎ የወጣው 25 ነበር። በአንድ ቀን ካልተቆጠሩ ግን ሁለቱ ልዩነቶች በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ይቀሩና ማንም አያገናኛቸውም።

የዙር ቆጠራ ቅጽ ይህን ፍለጋ እንዲያግዝ ሆኖ ይዘጋጃል። ከላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆጣሪው ስም፣ ቆጠራው ሲጀመር የተቆረጡት የመጨረሻ የገቢና የወጪ ደረሰኞች ቁጥር ይጻፋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ እነዚህ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ናቸው። የሽቦው ረድፍ ሲሞላ ይህን ይመስላል፦

| ቦታ | ዕቃ | መለኪያ | 1ኛ ቆጠራ | 2ኛ ቆጠራ | የካርድ ቀሪ | ልዩነት | ምክንያት |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ለ-3 | ሽቦ 2.5 | ሜትር | 4,435 | 4,435 | 4,700 | −265 | 0412 አልተመዘገበም (200)፤ የቁርጥ ሽያጭ (65) |

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓምዶች ቆጣሪው እጅ ላይ መግባት የለባቸውም። ወረቀቱ ታጥፎ ወይም ተቆርጦ ይሰጠው፤ የካርዱን ቀሪ የሒሳብ ሠራተኛዋ ትሙላ። 47 የሚል ቁጥር እያየ የሚቆጥር ሰው 46 ሲያገኝ አንዱ ከኋላ ይኖራል ብሎ 47 ይጽፋል፤ ይህን የሚያደርገው ለማታለል ሳይሆን ዓይኑ የሚጠብቀውን ስለሚያይ ነው። «ምክንያት» የሚለው ዓምድ ደግሞ ሰፊ ይሁን። «ጉድለት» ብሎ መጻፍ ምክንያት አይደለም፤ የደረሰኝ ቁጥር፣ የመለኪያ ስህተት፣ የቦታ መቀያየር ወይም ስብራት ተብሎ ይጻፍ። የሦስት ወር ቅጾችን ደርድሮ ይህን ዓምድ ብቻ ያነበበ ባለቤት ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚያፈስ ያውቃል።

እንግዲህ የዙር ቆጠራ ይህን ያህል ከጠቀመ የሰኔው ለምን ያስፈልጋል? አንዱ ምክንያት ሒሳብ ነው። የተሸጠ ዕቃ ወጪ የሚገኘው ዓመቱ ሲጀምር በነበረው ዕቃ ላይ የዓመቱ ግዢ ተደምሮ፣ ዓመቱ ሲዘጋ የተገኘው ዕቃ ሲቀነስ ነው። በመዝገብ ብቻ ያለ የ100,000 ብር ዕቃ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ከተቆጠረ ትርፉ በ100,000 ብር ያብጣል፤ ድርጅቱ ኩባንያ ከሆነም በ30 በመቶ ስሌት ላላገኘው ትርፍ 30,000 ብር ግብር ይከፍላል።

ሌላው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዙር ቆጠራ የሚነሳው ከዝርዝር ነው፤ «ሽቦ 2.5 ቁጠር» የተባለ ሰው ሽቦ ወዳለበት ይሄዳል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ዕቃ፣ ያለ ደረሰኝ የገባ ካርቶን፣ ከበሩ ጀርባ ተደብቆ የቀረ የቀለም ባልዲ ዓመቱን ሙሉ ቢቆጠር አይገኝም። የዓመቱ ቆጠራ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሄድ ስለሆነ ቆጣሪው ያገኘውን ሁሉ ይጽፋል፤ መንገዱ ከዕቃው ወደ ዝርዝሩ ነው።

ስለዚህ የዓመቱ ቅጽ በዕቃ ኮድ ተራ ከተዘጋጀ ዋናው ጥቅሙ ይቀራል፤ ቆጣሪው በወረቀቱ ላይ ያለውን እየፈለገ ሲሮጥ በወረቀቱ ላይ የሌለውን ያልፋል። ቅጹ በመደርደሪያ ተራ ይሁን፤ አንድ ገጽ አንድ መደርደሪያን ይያዝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ዝርዝሩ ላይ ለሌለ ዕቃ አምስት ስድስት ባዶ መስመር ይተው። የካርድ ቀሪ የሚባል ዓምድ ጭራሽ አይኑረው። በምትኩ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩ። አንዱ ለሁኔታ ነው፤ የደረቀ ሲሚንቶ ቢቆጠርም ዋጋ የለውም። ሌላው ለባለቤትነት ነው፤ ደንበኛ ከፍሎበት ያልወሰደው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ቢኖርም የቤቱ አይደለም።

| ቦታ | ዕቃ | መለኪያ | ብዛት | ሁኔታ | የማን ነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሐ-1 | ሲሚንቶ | ከረጢት | 198 | ደህና | የቤቱ |
| ሐ-1 | ሲሚንቶ | ከረጢት | 12 | የደረቀ | የቤቱ |
| ሐ-1 | ሲሚንቶ | ከረጢት | 40 | ደህና | ተሽጦ ያልተወሰደ |

ገጾቹ ቀድሞ ቁጥር ይሰጣቸው፤ 24 ገጽ ከወጣ 24 ገጽ ይመለስ፣ የተበላሸውም ጭምር። በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበት። ከቆጠራው በኋላ ባዶ የቀሩት መስመሮች ይሰመርባቸው፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይጨምርባቸው። የተቆጠረ መደርደሪያ ላይ ምልክት ይለጠፍ፤ አንድ ክምር ሁለቴ የሚቆጠረው ወይም የሚዘለለው ሁለት ሰዎች ከሁለት ጫፍ ጀምረው መሀል ላይ ሲገናኙ ነው።

ቆጠራው ሰኔ 30 ካላለቀ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሐምሌ 3 ማታ የቤቱ የሆነ ደህና ሲሚንቶ 198 ከረጢት ተገኘ፤ ከሐምሌ 1 እስከ 3 ደግሞ 60 ወጥቶ 100 ገብቷል እንበል። የወጣው ይደመራል፣ የገባው ይቀነሳል፤ ሰኔ 30 ማታ የነበረው 158 ከረጢት ነው። ይህ የሚሠራው ሰኔ 30 ማታ የመጨረሻዎቹ ደረሰኞች ቁጥር ተጽፎ ከተያዘ ብቻ ነው፤ ያለዚያ የትኛው ወጪ የትኛው ዓመት እንደሆነ አይለይም።

በዙር ቆጠራ ያልሰለጠነ መጋዘን ዘንድሮውኑ የሰኔውን ልተወው ማለት የለበትም። ደረሰኝ በዕለቱ ካርድ ላይ የማይሰፍርበት ቤት ከሆነ እንዲያውም የዙር ቆጠራው ራሱ አይሠራም፤ በየጠዋቱ የሚገኘው ልዩነት ሁሉ ያልተመዘገበ ወረቀት ይሆናል። መጀመር የሚሻለው በምድብ ሀ ብቻ፣ በወር 30 ዕቃ ነው። ለጥቂት ወራት ከተቆጠሩት ውስጥ ያለ ልዩነት የተገኙት ስንት እንደሆኑ በየወሩ ይመዝገብ፤ ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ ምድብ ለ ይጨመር፣ ከዚያም ሐ። ዓመቱን ሙሉ በዙር የተቆጠረ መጋዘን ሰኔ ላይ የሚዘጋባቸው ቀናት ያጥራሉ፤ በቆጠራው የሚገኘውም ልዩነት በአብዛኛው ከዝርዝር ውጭ የቀረው ዕቃ ብቻ ይሆናል።