የሽንኩርት ዘር ለመሸጥ ያሰበ ሱቅ ለጅምላ ነጋዴ እንዴት ይጽፋል?

ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ ሲሸጥ የቆየ የገጠር ሱቅ የአትክልት ዘርም ጨምሮ ለመሸጥ ሲያስብ፥ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ለጅምላ ነጋዴ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ደብዳቤው «ናሙናና የዋጋ ዝርዝር ይላክልን» ብቻ ያለ እንደ ሆነ፥ ነጋዴው ጥቂት ዘር በወረቀት ጠቅልሎ የዋጋ ወረቀት ይጨምርበትና ይልካል። ነገር ግን ናሙናው ከየትኛው ዘር ላይ እንደ ተወሰደና ከተጠየቀበት ዋጋ ውስጥ ምን ያህሉ ለሚበቅል ዘር እንደሚከፈል አይታወቅም።

ዘር ከሌላው ሸቀጥ የሚለይበት ምክንያት አለ። እርጥበት ያገኘው ማዳበሪያ ተጓጉሎ ይታያል፤ የዛገ ማረሻም በዓይን ይለያል። የሞተ የሽንኩርት ዘር ግን እንደ ሕያው ዘር ጥቁርና ደረቅ ስለ ሆነ በመልኩ አይታወቅም። ከዚህም በላይ የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ከቆየ በአንድ ዓመት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን አብዛኛውን ሊያጣ ይችላል።

ለምሳሌ በመቂ አካባቢ ያለ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የቀይ ሽንኩርት ዘር መሸጥ ሊጀምር ነው እንበል። በመስኖ የሚያለሙት አባሎቹ ዘሩን በመስከረምና በጥቅምት በችግኝ መደብ ላይ ይዘራሉ። ስለዚህ ዘሩ በነሐሴ መጨረሻ በሱቁ መገኘት አለበት፤ ደብዳቤውም በሐምሌ መጀመሪያ ይጻፋል። አጻጻፉም እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

«መቂ፥ ሐምሌ 3 ቀን

ለዘር ጅምላ ንግድ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቀይ ሽንኩርት ዘር ናሙናና የዋጋ ዝርዝር ስለ መጠየቅ

ማኅበራችን እስካሁን ለአባሎቹ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ ሲሸጥ ቆይቷል። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ግን የቀይ ሽንኩርት ዘር ጨምሮ ለመሸጥ አስቧል። ለመጀመሪያው ወቅት 40 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚያስፈልገን ገምተናል። ይህ ደብዳቤ መጠየቂያ እንጂ የግዢ ትእዛዝ አይደለም።

ቦምቤይ ሬድና አዳማ ሬድ ከተባሉት ዝርያዎች፥ አሁን በመጋዘን ካለውና ለእኛ ሊሸጥ ከሚችለው ሎት ላይ፥ ከእያንዳንዱ 10 ግራም ናሙና እንዲላክልን እንጠይቃለን። በናሙናው ላይ የዝርያው ስም፥ የሎቱ ቁጥር፥ ከመቶው የሚበቅለው ስንት እንደ ሆነ፥ ይህም የተፈተነበት ወርና ዓመት፥ የዘመን አቈጣጠሩም የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓ መሆኑ ይጻፍልን። ዘሩ በመድኃኒት የታሸ እንደ ሆነም የመድኃኒቱ ስም ይገለጽ።

በዋጋው ዝርዝር ላይ የ100 ግራምና የ500 ግራም እሽግ ዋጋ ለየብቻው ይጻፍልን። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን የሚጨምር መሆኑና አለመሆኑ፥ ርክክቡ በአዲስ አበባ ወይም በመቂ መሆኑ፥ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና፥ የሚሸጠው አነስተኛ መጠንና የአከፋፈሉ ሁኔታም ይገለጽልን። ናሙናው የሚከፈልበት ከሆነ ሒሳቡን እንከፍላለን። መልሱ እስከ ሐምሌ 20 ቀን እንዲደርሰን በትሕትና እንለምናለን።

ከሰላምታ ጋር»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ዋናው ቃል የሎት ቁጥር ነው። ሎት ማለት በአንድነት ተመርቶ፥ ተበጥሮና ተፈትኖ አንድ ቁጥር የተሰጠው የዘር ክምችት ነው። ቁጥሩ ካልታወቀ ናሙናው ከዘንድሮው ዘር፥ የሚላከው ዕቃ ግን ካምናው ቅሪት ሊሆን ይችላል፤ ገዢውም የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም።

የዘመኑ አቈጣጠር የተጠየቀውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከውጭ በመጣ ቆርቆሮ ላይ «8/2024» ተብሎ ቢገኝ፥ ወሩ ኦገስት ስለ ሆነ በእኛ አቈጣጠር ወደ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ይጠጋል። ስምንተኛውን ወር ከመስከረም ጀምሮ የሚቈጥር ሰው ግን ሚያዝያ ነው ብሎ ይሳሳታል።

ናሙናው 10 ግራም እንዲሆን የተጠየቀው ለፈተናው ተርፎ ለምስክርነት እንዲቀመጥ ነው። አንድ ግራም የሽንኩርት ዘር 250 ፍሬ ያህል ስለሚይዝ፥ በ10 ግራም ውስጥ ከ2,000 በላይ ፍሬ ይገኛል። ለፈተናው የሚያስፈልገው 400 ብቻ ነው። የቀረው የሎቱ ቁጥር ተጽፎበት በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ታሽጎ ይቀመጣል።

ፈተናው በማንኛውም ሱቅ ሊደረግ ይችላል። ዘሩ ሳይመረጥ፥ እንደ መጣ፥ መቶ መቶ ፍሬ ይቈጠርና በአራት እርጥብ ወረቀቶች ላይ ተዘርግቶ ክዳን ባለው ሳሕን ውስጥ በጥላ ሥር ይቀመጣል። ወረቀቱ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቋጠርበት፤ ውኃ የበዛበት ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳልና። በ6ኛው ቀንና በ12ኛው ቀን ይቈጠራል። የሚቈጠረውም ደኅና ሥርና አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣው ብቻ ነው፤ ሥር አልባውና የበሰበሰው እንዳልበቀለ ይያዛል። ከአራቱ አንዱ 90፥ ሌላው 65 ቢያሳይ ስሕተቱ ምናልባት ከአያያዙ ሊሆን ስለሚችል ፈተናው ይደገማል። በመድኃኒት የታሸ ዘር የነካ ሰው እጁን ይታጠብ፤ የተረፈውም ለዶሮ አይሰጥ።

የዋጋው ዝርዝር ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ለስሌት ያህል አንዱ ነጋዴ ኪሎውን በ6,000 ብር፥ ሁለተኛው በ7,200 ብር አቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ዘር በፈተናው ከመቶ 60፥ የሁለተኛው ከመቶ 90 በቀለ። 6,000 ለ0.60 ሲካፈል 10,000 ብር፥ 7,200 ለ0.90 ሲካፈል 8,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ርካሽ የነበረው፥ በሚበቅለው ዘር ሲሰላ በኪሎ 2,000 ብር ይወደዳል። ገበሬው ለአንድ ሄክታር 3.6 ኪሎ የሚበቅል ዘር ቢፈልግ፥ ከመጀመሪያው 6 ኪሎ በ36,000 ብር፥ ከሁለተኛው ግን 4 ኪሎ በ28,800 ብር ይገዛል። ርክክቡ አንዱ በመቂ፥ ሌላው በአዲስ አበባ የሆነ እንደ ሆነም፥ ከማወዳደሩ በፊት የማጓጓዣው ሒሳብ ይጨመርበታል።

ይሁን እንጂ ናሙናው የማይናገረው ነገር አለ። በሳሕን ላይ የበቀለው ዘር በእውነት ቦምቤይ ሬድ መሆኑ የሚታወቀው በማሳ ላይ ኮረቱ ተስሎ ቀለሙና ቅርጹ ሲታይ ነው፤ ያም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ማኅበሩ በደረሰኙ ላይ የዝርያው ስምና የሎቱ ቁጥር እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ከናሙናውም ጥቂት በአንድ አባል ማሳ ዳር ለብቻው ያስዘራል። የሚቀጥለው ዓመት ግዢ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል።

የግዢው ትእዛዝ ሲጻፍም የተመረጠው ሎት ቁጥር ይደገምበታል፤ «ከሌላ ሎት የሚላክ ዘር አንቀበልም» የሚል ቃልም ይጨመርበታል። ዕቃው ሲደርስ እሽጉ ከመከፈቱና ቀሪው ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት በቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር በሱቁ ካለው ናሙና ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ቁጥሩ የተለየ እንደ ሆነ እሽጉ ሳይከፈት ወደ መጣበት ይመለሳል።