ቁጥር በራሱ ሲባዛ ዕድሉ ወዴት ይሄዳል?

በስታትስቲክስ ፈተና ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። X ከ-1 እስከ 2 ባለው መስመር ላይ የትም ቦታ እኩል የመውደቅ ዕድል ያለው ቁጥር ነው። Y = X² ከሆነ የY ዴንሲቲ ምን ይሆናል? በወረቀት ላይ ሦስት አራት መስመር ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ግን ቸኩሎ ለሚጽፍ ወጥመድ አለው።

ዴንሲቲ ራሱ ዕድል አይደለም። ዕድሉ በየቦታው ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሎ እንደተቀመጠ ያሳያል፤ ዕድል የሚባለው ከኩርባው በታች ያለው ስፋት ነው። የመስመሩ ርዝመት 3 ስለሆነና ጠቅላላው ስፋት 1 መሆን ስላለበት፣ የX ዴንሲቲ በየቦታው 1/3 ነው።

በቀላሉ እንጀምር። Y = 2X + 3 ቢሆን መስመሩ ከ1 እስከ 7 ይዘረጋል፤ ርዝመቱም 6 ይሆናል። ሊጥ ሲዘረጋ እንደሚሳሳ ሁሉ ዴንሲቲውም ወደ 1/6 ይወርዳል። 3 መደመሩ ቦታ ከመቀየር በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ማባዣው -2 ቢሆንም የምናካፍለው ለ2 ነው፤ ዴንሲቲ ከዜሮ በታች አይወርድምና።

ወደ X² ስንመለስ መዘርጋቱ በየቦታው ይለያያል። ስለዚህ በቀጥታ ዴንሲቲውን ከመፈለግ ይልቅ «Y ከy የማይበልጥበት ዕድል ስንት ነው?» ብለን እንነሳ። y = 0.25 ከሆነ X ከ-0.5 እስከ 0.5 መሆን አለበት፤ ርዝመቱ 1፣ ዕድሉ 1/3 ነው። በጠቅላላው y ከ0 እስከ 1 እስካለ ድረስ X ከ-√y እስከ √y ይገኛል፤ ዕድሉም 2√y/3 ነው።

y ከ1 ሲያልፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። -√y ከ-1 በስተግራ ይወድቃል፤ እዚያ X የለም። የግራው ጫፍ -1 ላይ ይቆማል፤ ዕድሉም (√y + 1)/3 ይሆናል። አሁን ሁለቱንም ዕድሎች በy ዲፈረንሺየት እናድርግ፦

f(y) = 1/(3√y)፣ 0 < y < 1
f(y) = 1/(6√y)፣ 1 < y < 4

1 ላይ ዴንሲቲው በድንገት በግማሽ ይወርዳል። ከ1 በታች ወደ አንድ y የሚያደርሱ ሁለት X አሉ፤ ከ1 በላይ አንድ ብቻ ነው። ወደ ዜሮ ሲጠጉ ደግሞ ኩርባው ያለ ገደብ ሽቅብ ይወጣል፤ ስፋቱ ግን ውስን ስለሆነ ይህ ስህተት አይደለም።

መልሱን ለመፈተሽ ስፋቱን እናስላ። የመጀመሪያው ክፍል 2/3፣ ሁለተኛው 1/3 ሲሆን ድምሩ 1 ነው። የመጀመሪያውን ቀመር እስከ 4 የጎተተ ተማሪ 4/3 ያገኛል፤ ይህም X በሌለበት ቦታ ዕድል እንደቆጠረ ያሳያል። ከዜሮ በታች ያሉትን X ረስቶ ሁለተኛውን ቀመር ከ0 ጀምሮ የጻፈ ደግሞ 2/3 ያገኛል፤ የጎደለው 1/3 ከ-1 እስከ 0 ያለው ዕድል ነው።