ክብ ሠርቶ መዘመር፦ ለሁለት ዓመት ልጆች የሚሆን የጠዋት መርሐ ግብር

በሕፃናት ማቆያ ውስጥ የክብ ሰዓት የሚባለው ልጆች ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ከመምህርታቸው ጋር የሚዘምሩበት አጭር ጊዜ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ለሆኑ ልጆች ዐሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል። መርሐ ግብሩ በሰላምታ ይጀምርና ቀኑን፣ አየሩንና ተራ መጠበቅን አልፎ በስንብት ያበቃል። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቀው ከዜማው ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉም ሆነ ዜማዎቹ ከቀን ቀን መለዋወጥ የለባቸውም።

ለምሳሌ በሐምሌ ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ልጆች ተቀምጠዋል እንበል። ከሰላምታው በኋላ ከሰኞ እስከ እሑድ ያሉት ቀናት በአንድ ቀላል ዜማ ይዘመራሉ። የሁለት ዓመት ልጅ ሳምንት ምን እንደሆነ ገና አይገባውም፤ ስሞቹን ግን በዜማ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ትናንትና ነገ ይቆዩና መምህርቷ «ዛሬ፣ ዛሬ፣ ዛሬ ቀኑ...» ብላ ትንሽ ዝም ትላለች፤ «ማክሰኞ!» የሚለውን ልጆቹ ይሞሉታል። ማክሰኞ ሁልጊዜ ቀለም የሚቀባበት ቀን ከሆነ ስሙ ከሚያውቁት ነገር ጋር ይያያዛል።

ለአየሩ የፀሐይ፣ የደመናና የዝናብ ሥዕል ያለባቸው ሦስት ካርዶች በቂ ናቸው። አንድ ልጅ ወደ መስኮቱ ሄዶ ሰማዩን አይቶ ይመለስና ካርድ ይመርጣል፤ ሌሎቹ ያየውን በዜማ ይደግማሉ። የሐምሌ ጠዋት ደመና ከሆነ የሚመረጠው ደመና ነው። ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ቢችልም፣ ልጁ የሚማረው ያየውን መሰየም እንጂ ትንበያ አይደለም።

ተራ መጠበቅን ለማስተማር አንድ ትንሽ ከበሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ «ዱም ዱም ሲል ከበሮው፣ አሁን የሳራ ነው ተራው።» ዜማው ሲያልቅ የሳራ ተራ ያልቃል፤ ቀጥሎ የዳዊት ስም ይዘመራል። «ቆይ» ከሚለው ቃል ይልቅ የዜማው መጨረሻ መቼ እንደሚደርሰው ለልጁ ይነግረዋል። እያንዳንዱ ልጅ ሃያ ሰከንድ ቢይዘው፣ ስምንት ልጆች ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሳሉ። ልጆቹ ዐሥራ ስድስት ከሆኑ ግን የመጨረሻው ልጅ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። ይህ ለዕድሜው ስለሚበዛ ለሁለት ክብ መክፈል ይሻላል።

ከበሮውን አልሰጥም የሚል ልጅ አይጠፋም። ከእጁ መንጠቅ ትግል ያስከትላል። የሚሻለው የተከታዩን ልጅ ስም ደግሞ መዘመር፣ መዳፍ ዘርግቶ መጠበቅና አብሮ ማቀበል ነው። ክቡ ውስጥ መቀመጥ ያልፈለገ ልጅም ዳር ሆኖ እንዲሰማ ይተዋል፤ ቆሞ ሲያዳምጥ የቆየ ልጅ በኋላ በጨዋታው መሃል ዜማውን ሲያንጎራጉር ሊሰማ ይችላል። ሁለት ሦስት ልጆች ተነሥተው መሄድ ወይም መተኛት ከጀመሩ ግን ጊዜው አልቋል ማለት ነው። የቀረው ክፍል ይታለፍና በቀጥታ የስንብቱ መዝሙር ይዘመራል።