ጠዋት ምን ያህል ብርሃን ይበቃል? የመካነ ሰላሙ ተማሪና ያመለጠው ሰዓቱ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ስልካችሁ ላይ 7:00 የሚለው ጠዋት እዚህ 1 ሰዓት ይባላል። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር አገር ላይ ሆነን ስለ ጠዋት ብርሃን ስናወራ በሌላ መቁጠር አይመችም።

የአክስቴ ልጅ ከከላላ ገጠር ወደ መካነ ሰላም የሄደው ለትምህርት ነው። ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤት እያመላለሰ ይማራል። ክፍሏ አንድ የእንጨት መስኮት አላት፤ ብርድና አቧራ ስለሚገባ እሷም ብዙ ጊዜ አትከፈትም። ገጠር እያለ ጎህ ሲቀድ ከከብቶቹ ጋር ይወጣ ነበር፤ ማታ 3 ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከተማ ገብቶ የጠዋት ፈረቃ ሲማር ደግሞ በ4 ሰዓት ይተኛ ነበር። ከዚያ ለአንድ ወር የከሰዓት ፈረቃ ደረሰው። ያ ወር ሊያልቅ ሲል ደወለልኝና «አያ፣ እኔ እንጃ፣ ሰነፍኩ መሰለኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ሳይሆን እንቅልፍ አይመጣም፤ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ዓይኔ አይገለጥም» አለኝ። የሚያስጨንቀው በቅርቡ ወደ ጠዋት ፈረቃ መመለሱ ነው፤ ትምህርት 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ የማጠቃለያ ፈተናም እየቀረበ ነው።

ስንፍና አልነበረም፤ ሰዓቱ ነው የሸሸው።

ከአንጎላችን ሥር፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ የሃያ ሺህ ያህል የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ አለ። የእንቅልፍን፣ የሰውነት ሙቀትንና ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ጊዜ የሚያስይዘው እሱ ነው። ችግሩ ይሄ ሰዓት ልክ 24 ሰዓት አይሞላም፣ አይጎድልምም፤ ትንሽ ያልፋል። በሃርቫርድ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የአዋቂ ሰዎች ሰዓት በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። 11 ደቂቃ ምንም አይመስልም አይደል? በሠላሳ ቀን ግን አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ነገር መጥቶ ሰዓቱን ማስተካከል አለበት። ከሁሉም ይልቅ ይህን የሚሠራው ብርሃን ነው፤ የሚገባውም በዓይን ብቻ ነው። በዓይናችን ሬቲና ላይ ሜላኖፕሲን የሚባል ቀለም የያዙ ልዩ ሕዋሳት አሉ። ለማየት ሳይሆን «አሁን ቀን ነው» የሚለውን መልእክት ለአንጎሉ ሰዓት ለማድረስ ነው ዋና ሥራቸው። በተለይ ሰማያዊ ብርሃን ይነካቸዋል፤ ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ሞልቶታል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አንድ ዓይነት ብርሃን እንደሚያርፍበት ሰዓት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። የሰውነታችን ሙቀት በሌሊት ዝቅ እያለ ሄዶ፣ ከለመድነው የመንቂያ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ከሁሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚገባ ብርሃን ሰዓቱን ያስቀድመዋል፤ በሚቀጥለው ማታ እንቅልፍ ቶሎ ይመጣል። ከዚያ በፊት፣ ማለትም በምሽትና በሌሊት የሚገባ ብርሃን ያዘገየዋል። የቀትር ብርሃን ደግሞ ወዲህም ወዲያም ብዙ አይገፋውም።

የአክስቴን ልጅ ቀን በዚህ ዓይን እንየው። 3 ሰዓት ተኩል ይነቃል፣ በጨለማው ክፍል ውስጥ ይቆያል፣ ቀትር ላይ ወደ ትምህርት ቤት ይወጣል። የሚያስቀድመው ብርሃን አመለጠው፤ ያገኘው የማይገፋውን ነው። ማታ ደግሞ አምፖል ሥር ያጠናል፣ አልጋው ላይ ቴሌግራም ይከፍታል። ይሄ የሚያዘገየው ነው። በየቀኑ የሚጨመርበት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በወር ውስጥ ግን ከማታ 4 ሰዓት ወደ ሌሊት 8 ሰዓት ወሰደው።

እናቱ ነገሩን ስትሰማ የሰጠችው ምክር ቀላል ነበር፦ «በ12 ሰዓት ተነሥና ውጣ!» ሦስት ቀን ሞከረ። 12 ሰዓት ላይ ደወል አስነሣው፣ ደጅ ተቀምጦ እስከ 1 ሰዓት ፀሐይ ሞቀ፣ ተመልሶ ተኛ። ማታ እንቅልፉ ጭራሽ ራቀ። ምክሩ ለእሷ ልክ ነው፤ ለእሱ ግን በዚያ ሳምንት ስህተት ነበር። ቁጥሩን አስሉት፦ መንቂያው 3 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ የሙቀቱ ዝቅተኛ ቦታ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ 1 ሰዓት ገደማ ላይ ነው። በየካቲት መካነ ሰላም ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ ነው። ያገኘው ብርሃን ሁሉ ከድንበሩ በዚያኛው ወገን ነበር፤ ለእሱ ሰውነት ገና ሌሊት ነው። ሰዓቱ በጣም የዘገየበት ሰው ጎህ ሲቀድ ብርሃን ቢያገኝ የባሰ ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ሰው «ሞክሬው አልሠራልኝም» የሚለው እዚህ ላይ ተሰናክሎ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከነበረበት ጀመርን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነቅቶ ወዲያው ወጣ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት 3 ሰዓት ላይ፤ ከዚያ 2 ሰዓት ተኩል። እንዲህ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሰዓት እየቀደመ 12 ሰዓት ተኩል ለመድረስ ስድስት እርምጃ፣ አሥራ ሁለት ቀን ያህል ይፈልጋል። ሰዓቱ ሲቀድም የሙቀቱ ዝቅተኛ ቦታም አብሮ ስለሚቀድም፣ ብርሃኑ ሁልጊዜ ከድንበሩ በትክክለኛው ወገን ያርፋል። የቀኑን ብርሃን ምሽቱ እንዳያፈርሰው ደግሞ ከመኝታው ሦስት ሰዓት በፊት ጀምሮ የስልኩን ብርሃን ዝቅ እንዲያደርግ፣ አምፖሉም ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው እንዲሆን ተስማማን። አብረውት የሚኖሩት ልጆች በዚህ ሲስቁበት ከረሙ።

ወደ ርዕሱ ጥያቄ እንምጣ፤ ምን ያህል ይበቃል?

ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። ባለፈው ነሐሴ መካነ ሰላም ሄጄ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን በዓይኔ ልክ ይዤ ለካሁ። የስልክ መለኪያ እጥፍ ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ እዚህ ግን ልዩነቱ በጣም ሰፊ ስለሆነ ብዙም አያሳስብም። መስኮቱ ተዘግቶ አምፖሉ እየበራ፣ ክፍሉ ውስጥ 60 ሉክስ። በሩ ተከፍቶ ደጃፉ ላይ 400። ከባድ ደመና ባለበት ሰማይ ሥር፣ ግቢው መካከል 3,500። ፀሐይ እኮ አልታየችም! ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት ደግሞ ፀሐይን ሳታዩ፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ እንኳ ከ10,000 በላይ ልታገኙ ትችላላችሁ። ዓይን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስተካክል ክፍሉ «በቂ ብርሃን ያለው» ይመስለናል፤ በክፍሉና በደመናማው ግቢ መካከል የነበረው ልዩነት ግን ሃምሳ ስምንት እጥፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሰፊ የባለሙያዎች ቡድን ያወጣው ምክር በቀን ሰዓት ዓይን ላይ ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ደግሞ ከ10 ያልበለጠ ይላል። እነዚህ ቁጥሮች ብርሃኑ ሜላኖፕሲንን ምን ያህል እንደሚነካ የሚለኩ ናቸው። ለቀን ብርሃን ከተራው ሉክስ ብዙ አይርቁም፤ ለቢጫ አምፖል ግን ሉክሱን በግማሽ ያህል መቀነስ አለባችሁ። የክፍሉ 60 ሉክስ ለቀን በጣም ትንሽ፣ ለምሽት በጣም ብዙ የሚሆነው ለዚህ ነው።

250 ግን የቀኑ ዝቅተኛ መስመር ነው፤ የሸሸ ሰዓት ለመመለስ ከዚያ በላይ ይሻላል። ለሁሉም የሚሆን አንድ የደቂቃ ቁጥር የለም፤ የብርሃኑ ጥንካሬና የቆይታው ጊዜ አብረው ይሠራሉ። ደስ የሚለው፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከኋለኞቹ የበለጠ ዋጋ አላቸው። ደማቅ ብርሃን ለ12 ደቂቃና ለ4 ሰዓት ያነጻጸረ ሙከራ ነበር፤ በደቂቃ ሲሰላ አጭሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ሠርቷል። ሙከራው የተደረገው በሚያዘገየው የሌሊት ወገን ነው፤ ስለ ጠዋት የማስበው ግን በዚሁ መንገድ ነው። ሁለት ሰዓት ደጅ መቀመጥ አያስፈልግም። ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት ልክ ይሄ ነው፦ ጥርት ባለ ጠዋት ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ፣ በደመና ቀን አንድ ሰዓት ያህል፣ ከነቃ በኋላ ቶሎ፣ ከጣራ ውጭ። ፊቱን መታጠብም ሆነ ማጥናት ግቢው ውስጥ ይችላል። ፀሐይዋን ትክ ብሎ ማየት አያስፈልግም፣ ዓይንንም ይጎዳል። ጋቢ መከናነብ ችግር የለውም፤ ዓይን ላይ የሚጋርድ ባርኔጣ ግን ብርሃኑን ይቀንሳል። ተራራ ፀሐይዋን ቢጋርድም ሰማዩ ከተገለጠ ይበቃል።

ውጭ መዋል ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ሙከራ ልጨምር። ኬኔት ራይት የተባሉ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ስምንት ሰዎችን ለአንድ ሳምንት ተራራ ላይ በድንኳን አሰፈሩ፤ ስልክም አምፖልም የለም፣ ማታ እሳት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት የሰዎቹ ሜላቶኒን ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መነሣት እንደጀመረ ያሳያል። ለከላላ እረኛ ይሄ ሙከራ ሳይሆን የዘወትር ኑሮው ነው።

እኛ አገር ሌላም የተመቸ ነገር አለ። መካነ ሰላም ላይ ፀሐይ በግንቦት መጨረሻ 12 ሰዓት ላይ፣ በጥር ደግሞ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ትወጣለች፤ የዓመቱ ልዩነት ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም። ለንደን ላይ ከሦስት ሰዓት ያልፋል። የእነሱ ተማሪ በታኅሣሥ በጨለማ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የእኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ብርሃን አለው፣ ከወጣ።

እየሠራ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? የምትነሡበትን ሰዓት አትዩ፤ ያንን ደወል ያደርገዋል። ማታ ድካም የሚመጣበትን ሰዓት ጻፉ። የአክስቴ ልጅ በደብተሩ ጀርባ ይጽፍ ነበር። አራት ቀን ምንም ለውጥ አልነበረም። በአምስተኛው 7 ሰዓት ተኩል፣ በስምንተኛው 6 ሰዓት ተኩል። ቅዳሜና እሑድ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ተኝቶ ሰኞ ማታ ተመልሶ 7 ሰዓት ጻፈ፤ ሁለት ቀን ከሰረ። በአሥራ ሁለት ቀን ያሰብነው አሥራ ስድስት ፈጀ፤ መጨረሻ ላይ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያዛጋ ጀመር።

ይህ ሁሉ ለሸሸ ሰዓት ነው። በሰዓቱ ተኝቶም ቀን የሚያንቀላፋ፣ ወይም በጭንቀት፣ በሕመም፣ በጫት ምክንያት እንቅልፍ ያጣ ሰው ችግሩ ሌላ ስለሆነ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ይሻለዋል። ብርሃንን ለይተው የማያውቁ ዓይነ ስውራንም ብዙዎቹ ሰዓታቸው በየቀኑ ይሸሻል፤ ለእነሱ ሐኪም በሰዓት የሚያዘው የሜላቶኒን መድኃኒት አለ።

ሁለቱ ልጆች አሁን መስኮቱን ይከፍታሉ። ብርሃን ፈልገው እንኳ አይደለም፤ ጓደኛቸው ጠዋት በሩን ከፍቶት ስለሚወጣ ብርዱ ለማንኛውም ይገባል ብለው ነው።