አራተኛው ፍሬም ያመጣው አሥረኛው ፎልት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ቅረቡ። ይህ ነገር ሲነበብ ተራ የቁጥር ጨዋታ ይመስላል፤ በእጅ ሲሠራ ግን እኔን ወንበሬ ላይ ቀጥ አድርጎ አስቀምጦኛል። የምንሠራው በዚህች አንዲት መስመር ነው፦

```
1 2 3 4 1 2 5 1 2 3 4 5
```

አሥራ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ፕሮግራም በየተራ የሚጠይቃቸው ገጾች ናቸው። ኮምፒውተር የፕሮግራምን ማኅደረ ትውስታ እኩል እኩል አድርጎ ይቆራርጠዋል፤ በብዙዎቻችን ማሽን አንዱ ቁራጭ 4096 ባይት ነው። ቁራጩ ገጽ ይባላል። ራም ላይ ደግሞ ልክ በገጽ መጠን የተዘጋጁ ቦታዎች አሉ፤ እነሱ ፍሬም ይባላሉ። የተጠየቀው ገጽ ፍሬም ውስጥ ካለ ሥራው ይቀጥላል። ከሌለ ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮግራሙን አስቁሞ ገጹን ከዲስክ ያመጣል። ይህ ፔጅ ፎልት ነው፤ እኔ እዚህ ባጭሩ ፎልት እለዋለሁ። ስሙ ጥፋት ቢያስመስለውም ፕሮግራሙ አልተበላሸም፣ መጠበቅ ብቻ ነው የደረሰበት። መጠበቁ ግን ቀላል አይደለም፤ ራም በመቶ ናኖሴኮንድ ገደማ የሚመልሰውን ኤስኤስዲ በሺህ እጥፍ ያህል ቆይቶ ነው የሚያመጣው፣ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ከዚያም እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ የሚቆጠረው የፎልቱ ብዛት ነው።

ጥያቄው የሚነሳው ፍሬሞቹ ሲሞሉ ነው። አዲስ ገጽ መጣ፣ ቦታ የለም፤ ማን ይውጣ?

በጣም ቀላሉ መልስ ወረፋ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። ይህ ፊፎ የሚባለው ደንብ ነው። በሦስት ፍሬም እንጀምር። 1፣ 2 እና 3 ባዶ ቦታ ላይ ስለሚገቡ ሦስት ፎልት ሆነ (ብዙ ተማሪ እነዚህን መቁጠር ይረሳል፤ ገጹ ከዲስክ እስከመጣ ድረስ ግን ይቆጠራሉ)። 4 ሲመጣ 1 ይወጣል። ወዲያው 1 ራሱ ይጠየቃል፤ 2ን አስወጥቶ ይገባል። ቀጥሎ 2 ይጠየቃል፤ 3ን አስወጥቶ ይገባል። 5 ደግሞ 4ን ያስወጣል። አሁን ፍሬሞቹ ውስጥ 1፣ 2 እና 5 አሉ፤ የሚጠየቁትም 1 እና 2 ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ያለ ፎልት አለፍን። ከዚያ 3 እና 4 ሁለት ፎልት አስከትለው ይገባሉ፣ መጨረሻ ላይ የተጠየቀው 5 አሁንም አለ። ጠቅላላ 9 ፎልት።

አሁን አንድ ፍሬም እንጨምር፤ አራት ይሁኑ። ፎልቱ ስንት የሚሆን ይመስላችኋል? ግምታችሁን ጻፉና ከታች ያለውን ተመልከቱ። x ፎልት ነው፣ ነጥቧ ገጹ እዚያው መገኘቱን ታሳያለች።

```
ጥያቄ      1 2 3 4 1 2 5 1 2 3 4 5
3 ፍሬም    x x x x x x x . . x x .
4 ፍሬም    x x x x . . x x x x x x
```

ቁጠሩት። ላይኛው 9፣ ታችኛው 10። ቦታ ጨመርን፣ ፎልቱም ጨመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ተሳስቻለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ አልተሳሳትኩም ነበር።

ምክንያቱን ለማየት ታችኛውን መስመር ከሰባተኛው ጥያቄ ጀምሩ። እስከዚያ ድረስ አራቱ ፍሬም እያሸነፈ ነበር፤ 1 እና 2 ሲደገሙ ሁለቱንም እዚያው አግኝቷቸዋል። መዘዙ የመጣው ከዚሁ ድል ነው። ፊፎ የሚያውቀው ገጹ መቼ እንደገባ ብቻ ነው፣ መቼ እንደተጠየቀ አይመዘግብም። ስለዚህ 1 አሁን የተጠየቀ ቢሆንም በወረፋው ላይ አሁንም ከሁሉ ፊት፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። 5 ሲመጣ የሚወጣው እሱ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀውም እሱ ነው! 1 ተመልሶ ሲገባ 2ን ያስወጣል፤ ቀጥሎ የሚጠየቀው 2 ነው። 2 ሲገባ 3ን፣ 3 ሲገባ 4ን፣ 4 ሲገባ 5ን ያስወጣል። እያንዳንዱ ገቢ የሚያባርረው ልክ ከእሱ ቀጥሎ የሚፈለገውን ነው።

ሦስት ፍሬም ላይስ? እዚያ 1 እና 2 ቀደም ብለው ተባረው በፎልት ተመልሰው ገብተዋል። ያ ፎልት ዋጋ አስከፍሏል፣ ግን ከወረፋው መጨረሻ አዲስ ቦታ ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ 5 ሲመጣ በሩ አጠገብ የነበሩት እነሱ አልነበሩም። ጠባቡ ራም በመቸገሩ ምክንያት ዝርዝሩን አደሰ፤ ሰፊው ስላልተቸገረ አሮጌውን ዝርዝር ይዞ ቀረ። የነገሩ እምብርት ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

በፊፎ ላይ ስትሠሩ የምታረጋግጡበት አንድ መንገድ ላካፍላችሁ። ፍሬሞቹ ከሞሉ በኋላ በማንኛውም ሰዓት ውስጥ ያሉት ገጾች መጨረሻ ላይ x ያገኙት ናቸው፤ ሦስት ፍሬም ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስት x፣ አራት ከሆነ አራቱ። ከሰባተኛው ጥያቄ በኋላ ሞክሩት። ላይኛው መስመር 1፣ 2፣ 5 ይሰጣችኋል፤ ታችኛው 2፣ 3፣ 4፣ 5። ጠባቡ 1ን ይዟል፣ ሰፊው ግን 1 የለውም! ሰፊው ጠባቡ የያዘውን ሁሉ ቢይዝ ኖሮ በምንም መንገድ ሊበለጥ ባልቻለ ነበር። ቀውሱ የሚፈጠረው ይህ መተቃቀፍ ሲፈርስ ነው።

ወደ ሁለተኛው ደንብ እንሂድ፤ ኤልአርዩ ይባላል። ከሁሉ ይልቅ ሳይነካ የቆየው ገጽ ይውጣ ይላል። ከፊፎ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ገጹ በተጠየቀ ቁጥር፣ እዚያው ቢገኝም እንኳ፣ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል። ይህን ማደስ መርሳት በፈተና ላይ የሚበዛ ስህተት ነው፤ ከረሳችሁት የሠራችሁት ፊፎን ነው። ያንኑ መስመር ስንሠራው በሦስት ፍሬም 10፣ በአራት 8 ፎልት ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ አፍታ ቆዩ፤ በሦስት ፍሬም ኤልአርዩ ከፊፎ በአንድ ፎልት ይብሳል። ምክንያቱም 1 እና 2 በድጋሚ ሲጠየቁ ታድሰው 5ን ወደ በሩ ገፉት፣ 3 ሲመጣ 5 ወጣ፣ መጨረሻ ላይ ግን የተፈለገው እሱ ሆነ። ስለዚህ ኤልአርዩ ሁልጊዜ ይበልጣል የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ይህችን መስመር አሳዩት።

የኤልአርዩ ዋስትና ሌላ ነው፤ ፍሬም ሲጨመርለት ፎልቱ ከቶ አይጨምርም። ማረጋገጫው አጭር ነው። ሦስት ፍሬም ያለው ኤልአርዩ የሚይዘው በቅርቡ የተጠየቁትን ሦስት ገጾች ነው፤ አራት ያለው በቅርቡ የተጠየቁትን አራት። ሦስቱ በአራቱ ውስጥ መሆናቸው ግልጽ ነው፣ መስመሩ ምንም ይሁን ምን። እ.ኤ.አ. በ1970 ማትሰን፣ ጌሴይ፣ ስሉትዝና ትሬይገር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ ያላቸውን ደንቦች በአንድ ቤተሰብ ሰብስበው የስታክ አልጎሪዝም ብለዋቸዋል። ፊፎ ከዚያ ቤተሰብ ውጭ ነው።

ሦስተኛው ኦፕቲማል ነው፤ ወደፊት ከሁሉ ዘግይቶ የሚጠየቀውን አስወጣ ይላል። በሦስት ፍሬም 4 ሲመጣ ቀና ብለን የቀረውን መስመር እናያለን፤ 1 እና 2 ቅርብ ናቸው፣ 3 ሩቅ ነው፣ ስለዚህ 3 ይወጣል። 5 ሲመጣ በተመሳሳይ ምክንያት 4 ይወጣል። በመጨረሻ 7 ፎልት፣ በአራት ፍሬም ደግሞ 6። አምስት የተለያዩ ገጾች ስላሉና እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ጊዜ መምጣት ስላለበት ከ5 በታች መውረድ አይቻልም፤ 6 ለዚያ ምን ያህል እንደቀረበ ልብ በሉ። ማሽን ወደፊት የሚጠየቀውን ስለማያውቅ ይህን ደንብ በሥራ ላይ ማዋል አይቻልም። የሚያገለግለው ለመለኪያ ነው፤ የእናንተ ፊፎ ወይም ኤልአርዩ ከኦፕቲማል ያነሰ ፎልት ካሳየ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስታችኋል።

ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ቡዳፔስት ተወልዶ አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው ላስሎ ቤላዲ ነው። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ከኔልሰንና ከሼድለር ጋር የፊፎን እንቆቅልሽ አሳተመ፤ ስለዚህም ክስተቱ የቤላዲ አኖማሊ ይባላል። የእኛ መስመር የ9 እና የ10 ልዩነት ነው የምታሳየው፤ ልዩነቱ እንዲህ ትንሽ ሆኖ ይቀራል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፎርናይና ኢቫኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እጥፉ ወሰን እንደሌለው አረጋግጠዋል፤ ሰፊው ራም ከጠባቡ የፈለጋችሁትን ያህል እጥፍ ፎልት የሚያበዛበት መስመር መሥራት ይቻላል።

ታዲያ ኤልአርዩን ለምን እንዳለ አንጠቀምበትም? ራም በተነካ ቁጥር ዝርዝር ማደስ ስለሚጠይቅ ነው፤ ያ ወጪ ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች የሚጠቀሙት በግምት ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ ሃርድዌሩ የሚያበራት አንዲት ቢት አለች፣ ገጹ ተነክቷል ትላለች። ክሎክ የተባለው ደንብ በወረፋው ፊት የቆመውን ገጽ ቢት ያያል፤ በርታ ከሆነ አጥፍቶ አንድ ዕድል ይሰጠዋል፣ ጠፍታ ከሆነ ያስወጣዋል። የሁሉም ቢት በርታ ስትገኝ ግን ክሎክ አንድ ዙር አጥፍቶ ወደ ተራ ፊፎነት ይመለሳል፤ ስለዚህ አኖማሊው እሱንም ሊያገኘው ይችላል።

ፓይተን ያላችሁ በእጅ የሠራችሁትን በዚህ አመሳክሩት፦

```
def fifo(refs, k):
    q, faults = [], 0
    for p in refs:
        if p not in q:
            faults += 1
            if len(q) == k:
                q.pop(0)
            q.append(p)
    return faults

r = [1,2,3,4,1,2,5,1,2,3,4,5]
print(fifo(r, 3), fifo(r, 4))
```

9 እና 10 ያወጣል። ከዚያ `return` ከሚለው መስመር በፊት፣ ከ`if p not in q` ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ይህን ጨምሩ፦

```
        else:
            q.remove(p)
            q.append(p)
```

ፊፎው ኤልአርዩ ሆነ፣ ውጤቱም 10 እና 8። ከዚያ የራሳችሁን መስመር እየፈጠራችሁ ሞክሩ። ከመጀመሪያው ኮድ ላይ ሌሎች ቀውሶች ታገኛላችሁ፤ ከሁለተኛው ላይ አንድም አታገኙም።